የጃክ ዳሌ፦ ያረጀ ውሻን የመገጣጠሚያ ሕመም እንዴት እንደያዝነው

ጃክ የ11 ዓመት ወንድ ውሻ ነው። የጀርመን እረኛ ድብልቅ ሲሆን ኮተቤ አካባቢ ግቢ ሲጠብቅ ነው ያደገው። ነሐሴ ላይ ወደ እኔ ሲመጣ 38 ኪሎ ይመዝን ነበር። ይዘውት የመጡት የቤቱ እናትና ሴት ልጃቸው ናቸው። እናትየው የነገሩኝ ስለ ሕመም ሳይሆን ስለ ጠባዩ ነው።

"ዶክተር፣ ይሄ ውሻ ተቀየረብን። በር ሲንኳኳ አይነሳም። ሌሊቱን ሙሉ ቦታ ሲቀያይር ያድራል። ባለፈው ደግሞ የልጅ ልጄ ወገቡን ሲዳብሰው ጥርሱን አሳየው። እርጅና ነው አይደል?"

እርጅና ብቻ እንዳልሆነ ለመጠርጠር የነገሩኝ በቂ ነበር። መገጣጠሚያው ለረጅም ጊዜ የሚያመው ውሻ ብዙውን ጊዜ አይጮህም፤ አያለቅስም። የሚያመውን ነገር መሥራት ያቆማል። መኪና ላይ መዝለል ይተዋል። ደረጃ ሥር ቆሞ ያመነታል። ሌሊት አንድ ጎን ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መተኛት ስለሚያመው ይገላበጣል። የሚያመው ቦታ ላይ ሲነኩት ይቆጣል። ቤተሰብ ይህን ሁሉ በየቀኑ እያየ "አረጀ" ብሎ ያልፈዋል፤ ምክንያቱም ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ጠበብ አደረግሁት። ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነሳው የትኛውን እግር ነው? ጥቂት ከሄደ በኋላ ይፍታታል ወይስ ይብስበታል? ሽንቱን ሲሸና እግሩን ያነሳል? ልጅቷ ጥሩ ታዛቢ ናት። ከፊት እግሮቹ ጎትቶ እንደሚነሳ፣ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ግትር ብለው ከዚያ እንደሚለቁት፣ ዝናብ ባለበት ጠዋት እንደሚብስበት ነገረችኝ። ሽንቱን ሲሸና እግሩን ማንሳት ካቆመ ወራት አልፈዋል።

ጠረጴዛ ላይ ከማውጣቴ በፊት ግቢው ውስጥ እንዲራመድ አደረግሁ። የኋላ እግሮቹ እርምጃ አጭር ነው፤ ዳሌው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ክብደቱን ወደ ፊት አሳልፎታል። ትከሻው የደለበ ሲሆን ጭኑ ግን ሳስቷል። የጭን ጡንቻ የሚሳሳው እግሩ ለረጅም ጊዜ በአግባቡ ሳይሠራ ሲቀር ነው። ይህን በሜትር ለክቼ መዘገብኩት፤ በኋላ ለውጡን ለማየት ይጠቅማል።

ቀጥሎ ያደረግሁት ምርመራ ለእንዲህ ዓይነት ውሻ ፈጽሞ መዘለል የሌለበት ነው። እያንዳንዱን የኋላ መዳፍ ገልብጬ በጀርባው መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ነርቩ ጤነኛ የሆነ ውሻ ወዲያውኑ መዳፉን ያቀናል። ጃክ በሁለቱም እግሮቹ ወዲያው አቀና። ይህ ጥሩ ዜና ነበር። በጀርመን እረኞችና ድብልቆቻቸው ላይ በእርጅና ዕድሜ የሚመጣ ሌላ የአከርካሪ ውስጥ የነርቭ በሽታ አለ፤ የኋላ እግሮችን ያደክማል፣ ግን አያምም። ያ በሽታ ያለበት ውሻ መዳፉን እየጎተተ ስለሚሄድ የመሃል ጥፍሮቹ ከላይ በኩል ይበላሉ። ማስታገሻ ቢሰጠው አይሻሻልም። የጃክ ጥፍሮች ግን አልተበሉም፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ረዝመዋል።

ዳሌውን ወደ ኋላ ስዘረጋው ግን ጭንቅላቱን አዙሮ እጄን አየኝ፤ አፉን ላሰ፤ ሆዱን ገተረ። አልጮኸም። ለእኔ ግን ከጩኸት እኩል ነው። ራጅ ተነስቶ ሲመጣ ሁለቱም የዳሌ ጎድጓዶች በቂ ጥልቀት የላቸውም፤ የጭኑ አጥንት ራስ ክብነቱን አጥቷል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል። ከልጅነቱ ጀምሮ ዳሌው በደንብ አልገጠመም ነበር ማለት ነው። ላላ ያለው መገጣጠሚያ ለዓመታት ሲፋተግ ልስልሱ የአጥንት ሽፋን አልቆ ኦስቲዮአርትራይተስ ላይ ደርሷል። ያለቀው ሽፋን ተመልሶ አይበቅልም። የምንችለው ሕመሙን መቀነስ፣ ጡንቻውን መመለስና መገጣጠሚያው ላይ የሚጫነውን ማቅለል ነው።

መድኃኒት ወደ ማዘዝ ልሄድ ስል አንድ ነገር ጠየቅሁ፤ "ቤት ውስጥ የሰጣችሁት ነገር አለ? ክኒን፣ መርፌ?" እናትየው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ልጅቷ ከቦርሳዋ የተጀመረ የዲክሎፌናክ ክኒን አወጣች። እናትየው ለራሳቸው ጉልበት የታዘዘላቸው ነው። ለሦስት ቀን፣ በቀን አንድ 50 ሚሊግራም ሰጥተውታል። "እኔን ስለሚያሽለኝ ለሱም አዝኜለት ነው" አሉ። ማዘናቸውን ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ሰገራውን ስጠይቅ ከትናንት ጀምሮ ጥቁር ሆኖ እንደ ሬንጅ ይጣበቃል ተባልኩ።

ጥቁር የሚጣበቅ ሰገራ ማለት ከጨጓራ ወይም ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ የሚደማ ቁስል አለ ማለት ነው። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ በጣም ይጎዳሉ። ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገዙና ሰው ላይ የዋህ ስለሚመስሉ፣ ክሊኒክ ውስጥ ደጋግሜ የማየው መመረዝ ይህ ነው። ይህን የምጽፈው እናትየውን ለመውቀስ አይደለም፤ ፈቅደውልኛል፣ እንዲያውም "ሌላ ሰው እንዳያደርገው ጻፈው" ብለውኛል።

ደም ተወስዶ ተመረመረ። ኩላሊቱና ጉበቱ ደህና ናቸው፤ የቀይ ደም ሴሎቹ መጠን ግን ትንሽ ወርዷል። ዲክሎፌናኩ ቆመ። ለጨጓራው ኦሜፕራዞል 40 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ጀመርን። ያም ማለት ሕመሙን በደንብ የሚያስታግስለት ፀረ ብግነት መድኃኒት ለጊዜው ተዘጋ። ከአንድ ፀረ ብግነት መድኃኒት ወደ ሌላው በአንድ ጊዜ መዝለል፣ ወይም በላዩ ላይ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ የስቴሮይድ መርፌ መጨመር፣ የሚደማውን ጨጓራ እስከ መቅደድ ሊያደርሰው ይችላል። ለሁለት ሳምንት ለመጠበቅ ወሰንን። በመሃል ሕመሙን እንዲያለዝብለት ጋባፔንቲን 300 ሚሊግራም እንክብል ጠዋትና ማታ ሰጠሁት። የጋባፔንቲን ጥቅም ለመገጣጠሚያ ሕመም ውሱን ነው፤ መጀመሪያ ቀናት ላይም ያፈዛል፤ ነገር ግን ጨጓራን አይነካም። እንክብል እንዲሆን ያስጠነቀቅሁበት ምክንያት አለ፤ አንዳንድ ለሰው የተሠሩ የጋባፔንቲን ሽሮፖች ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አላቸው፤ እሱ ለውሻ መርዝ ነው።

እነዚህን ሁለት ሳምንታት ለቤቱ አዋልናቸው። ቤታቸው ሄጄ አየሁት።

በረንዳው ባለፈው ዓመት የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። ጃክ ለመነሳት ሲሞክር የኋላ እግሮቹ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። የታመመ ዳሌ ላለው ውሻ እያንዳንዱ መንሸራተት መገጣጠሚያውን ያለ ፍላጎቱ ይዘረጥጠዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ለመነሳት ይፈራል። ልጅቷ ከመኝታው እስከ ውኃ ዕቃው፣ ከዚያም እስከ ግቢው አፈር ድረስ ሸካራ ምንጣፍ አነጠፈች። ምንጣፉ ራሱ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የጎማ መረብ አደረገችበት። ሙሉ በረንዳውን መሸፈን አያስፈልግም፤ ውሻው የሚሄድበት መስመር ከተሸፈነ ይበቃል። ጃክ በሁለተኛው ቀን ከመስመሩ መውጣት አቆመ። የረዘሙትን ጥፍሮች ቆረጥን፤ በመዳፉ ጣቶች መካከል የበቀለውን ጸጉርም ከረከምን። ጥፍር ሲረዝም መዳፉ መሬት አይይዝም፤ ጸጉሩ ደግሞ እንደ ካልሲ ያንሸራትታል።

መኝታው በሩ አጠገብ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነበር፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በላዩ ያለው አንድ ያረጀ ጆንያ ነው። ነሐሴ ውስጥ ያ ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ቅዝቃዜና እርጥበት ይተፋል። የእንጨት ርብራብ ከመሬት አነሳው፤ በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንከር ያለ ስፖንጅ ተደረገ። ስፖንጁን በእጅ ሲጫኑት መሬቱ ከተሰማ ለ38 ኪሎ ውሻ አይሆንም፤ ዳሌው ያንኑ መሬት ያገኘዋል። ስፖንጁ በላስቲክ ተሸፍኖ በላዩ የሚታጠብ ብርድ ልብስ ተነጠፈ። ርብራቡ ዝቅ ያለ እንዲሆን ጠይቄያለሁ፤ ጃክ ለመተኛት መውጣት ካለበት አይተኛበትም።

በረንዳው ሦስት ደረጃ አለው። የቤቱ ዘበኛ፣ ጃክን ከቡችላነቱ ጀምሮ የሚያውቁት አዛውንት፣ ከግንባታ የተረፈ ጣውላ አምጥተው መወጣጫ ሠሩለት። የደረጃዎቹ ከፍታ በድምሩ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ መወጣጫው ወደ ሁለት ሜትር እንዲረዝም ተስማማን። አጭር መወጣጫ ቀጥ ስለሚል ከደረጃው አይሻልም። ላዩ ላይ ምንጣፍ ተቸነከረበት። ጃክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊረግጠው አልፈለገም። ጋሼ አንድ ቁራጭ ሥጋ ይዘው አጠገቡ በእርጋታ ሲራመዱ ተከተላቸው። በሚከፋው ቀን ደግሞ የሚታጠፍ ፎጣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ከሆዱ ሥር አሳልፈው ቀለል አድርገው ያነሱታል። ወንድ ውሻ ላይ ፎጣው ብልቱን እንዳይጫነው ጠባብ መሆን አለበት።

መሻሻሉን በስሜት እንዳንፈርድ አምስት ነገሮችን መረጥን፦ ከመኝታ መነሳት፣ መወጣጫውን መውጣት፣ ሽንት ሲሸና መቆም፣ በር ሲንኳኳ መሄድ፣ ሌሊት መተኛት። ልጅቷ በየሳምንቱ እሑድ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ትሰጣለች፤ 0 ያለ ችግር፣ 4 ፈጽሞ አይችልም። በዚያው ቀን ሲነሳና ሲራመድ በስልክ ትቀርጻለች። ውሻውን የሚወድ ሰው ነጥብ ሲሰጥ ተስፋው ስለሚገባበት ቪዲዮው ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ድምር ከ20 ውስጥ 15 ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዋናው ማስታገሻ ሳይጀመር፣ ወደ 12 ወረደ። ጋባፔንቲኑም ድርሻ ይኖረዋል። ነገር ግን በጣም የተለወጡት መነሳቱና ሌሊት መተኛቱ ናቸው። እኔ ምንጣፉንና ስፖንጁን ነው የማመሰግነው።

ሰገራው ቀለሙ ከተመለሰና ደሙ ካገገመ በኋላ ዋናውን ማስታገሻ፣ ሜሎክሲካምን፣ ጀመርን። ለውሻ የተዘጋጀው ፈሳሽ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ለሰው የተሠራውን 7.5 ሚሊግራም ክኒን ተጠቀምን፤ ግማሹን በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። ይህ ለ38 ኪሎ ውሻ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቀን እጥፍ ይሰጣል፤ ጨጓራው ገና ስላገገመ ያንን ዘለልነው። እባካችሁ ይህን ግማሽ ክኒን ለራሳችሁ ውሻ አትቅዱት። አምስት ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ያው ግማሽ ክኒን ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ማስጠንቀቂያው በወረቀት ተጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጠፈ፦ ካስታወከ፣ መብላት ከተወ፣ ካስቀመጠው ወይም ሰገራው ከጠቆረ የዛሬው መድኃኒት አይሰጥም፤ ይደወላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኩላሊቱና ጉበቱ እንደገና ታዩ፤ ደህና ናቸው። ነጥቡ 6 ሆነ። ጋባፔንቲኑን ቀስ በቀስ አቆምን።

ክብደቱ ግን ከመድኃኒቱ ያላነሰ ጉዳይ ነው። ጃክ ጎድኑ አይዳሰስም፤ ከላይ ሲታይ ወገብ የለውም። ሊመዝን የሚገባው 32 ኪሎ ያህል ነው። የሚበላው የቤተሰቡ ትራፊ ነው፦ እንጀራ፣ ወጥ፣ ዳቦ። በጾም ጊዜ ሽሮና ምስር ብቻ፤ በበዓል ማግስት ደግሞ ጮማና አጥንት። እንጀራውና ዘይቱ ያወፍሩታል፤ ጡንቻ የሚሠራው ፕሮቲን ግን በጾም ወራት ያንሰዋል። ለዚህ ነው ወፍሮም ጭኑ የሳሳው። በዚያ ላይ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ደም አጥቶ ለነበረ ውሻ ይህ ብቻውን ለማቆም ይበቃል።

ለ32 ኪሎ ውሻ ክብደት ለመቀነስ በቀን 940 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል ብለን ተነሳን። የገዙት ደረቅ ምግብ በ100 ግራም 350 ካሎሪ ገደማ ስላለው 270 ግራም ማለት ነው፤ በወጥ ቤት ሚዛን እየተመዘነ ለሁለት ይከፈላል። በጣሳ መስፈር አያስኬድም፤ አንዱ ሞልቶ ሌላው ቆልሎ ይሰጣል። ሆዱ እንዲሞላ የተቀቀለ ዱባና ፎሶሊያ፣ ያለ ጨውና ዘይት፣ ይጨመርለታል። ከባዱ ነገር ግን ምግቡ ሳይሆን ጉርሻው ነበር። ለጃክ ማጉረስ በዚያ ቤት ፍቅር ነው፤ እናትየው ማቆም አልቻሉም፤ ማቆምም አላስፈለጋቸውም። ጠዋት ከተመዘነው ላይ አንድ እፍኝ ተነስቶ ኩባያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያጎርሱት ከዚያ ብቻ ነው።

ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድ ልጃቸው ግሉኮሳሚን የሚባል የመገጣጠሚያ ማሟያ ላከ። ጉዳት የለውም ማለት ይቻላል፤ ግን ውሻ ላይ ይህ ነው የሚባል ጥቅሙ አልተረጋገጠም። በሚቀጥለው ዙር ገንዘቡን ንጹሕ የዓሣ ዘይት ላይ እንዲያውለው ነገርኩት፤ ለመገጣጠሚያ ብግነት ያለው ማስረጃ ይሻላል። መጠኑን ቀስ እያልን ነው ያሳደግነው፤ በአንድ ጊዜ ከበዛ ያስቀምጣል፤ ካሎሪውም ከ940ው ውስጥ ይቆጠራል።

እንቅስቃሴው በመስከረም አሥር ደቂቃ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በማሰሪያ፣ በአፈር መንገድ ላይ ተጀመረ። በአንድ ቀን ብዙ ሄዶ ሌላውን መተኛት ለዚህ በሽታ ከሁሉ የከፋው ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው የበለጠ ከገተረ ትናንት በዝቶበታል፤ ይቀነሳል። ካልገተረ በየሳምንቱ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። በቀዝቃዛ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ሞቅ ባለ ውኃ የተነከረ ፎጣ፣ በክንድ ውስጠኛ ክፍል ተሞክሮ የማያቃጥል፣ ዳሌው ላይ ለአሥር ደቂቃ ይደረግለታል። ከምግብ በፊት ደግሞ ምንጣፉ ላይ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ ይላል። በኅዳር የጭኑ ዙሪያ መጨመር ጀመረ።

ከዚያ ገና ሰሞን አንድ ድመት በአጥሩ ላይ መጣች። ጃክ ሕመሙ ስለቀለለው እንደ ድሮው ተፈተለከ። ማታ የግራ የኋላ እግሩን መሬት ላይ ማሳረፍ አቃተው። መድኃኒት ሲሠራ የሚመጣ አደጋ ይህ ነው፤ ሕመሙ ይቀንሳል፣ መገጣጠሚያው ግን ያው ነው። በድንገት እግር ማንሳትን "አርትራይተሱ ባሰበት" ብሎ ማለፍ አይገባም። የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ጉልበቱን ፈተሽኩ፤ ጅማቱ ይዟል፤ አጥንት ላይ እብጠት የለም። መድኃኒቱ አልተጨመረም። ለአንድ ሳምንት ለሽንት ብቻ በማሰሪያ ወጣ፤ ከዚያ ጉዞው ከአምስት ደቂቃ ተጀመረ። አጥሩ አጠገብ ያለው ሩጫ እንዲቀር ጋሼ መሃሉን በሽቦ ዘጉት።

የካቲት ላይ 33.5 ኪሎ መዘነ። ነጥቡ 5 ነው። ሜሎክሲካሙ በኪሎ ሲሰላ ከፍ ስላለና ወቅቱም ደረቅ ስለሆነ ወደ ሩብ ክኒን አወረድነው፤ ሊያስፈልገው ከሚችለው በላይ ለዓመታት መስጠት ለኩላሊቱ አይጠቅምም። ሦስት ሳምንት ጠበቅን፤ ነጥቡ 6 ሆነና እዚያው ቆመ፤ ቪዲዮውም ያንኑ ያሳያል። 8 ቢደርስ ኖሮ እመልሰው ነበር። እግሩን አንስቶ መሽናት አልተመለሰም፤ የሚመለስም አይመስለኝም። የልጅ ልጅየው ግን አሁን ደረቱንና ጆሮውን እንጂ ወገቡን እንዳይዳብስ ተነግሮታል፤ ጃክም ጥርሱን አላሳየም።

ቀጣዩ የደም ምርመራ ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ ሳይገባ ስፖንጁ ይቀየራል፤ የአሁኑ መሃሉ ጎድጉዷል። ክረምቱ ሲይዝ ግማሽ ክኒን ላይ ልንመለስ እንችላለን፤ ያንን የምንወስነው የእሑዱን ነጥብ አይተን ነው።